ድመት ኹርር ስትል ደስታ ነው፣ ልመና ነው ወይስ ሕመም? በቤትዎ ለመለየት የሚረዳ መመሪያ

ድመት ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። «ድመቴ ምግብ ትታለች፣ ጥግ ይዛ ኩርምት ብላለች፤ ግን ኹርር ትላለች። ኹርር ካለች ደኅና ናት ማለት አይደለም?»

አይደለም። ድመት ስትደሰት ኹርር ትላለች። ምግብ ስትለምን ትላለች፤ ስትወልድ፣ ስትፈራ፣ ክፉኛ ሲያማትም ትላለች። ድምፁን ብቻ ሰምቶ መወሰን ስለማይቻል ከድምፁ ጋር ሌላ ምን መታየት እንዳለበት ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ያገኛሉ። ሚያውታዋን፣ ማጉረምረሟንና የሌሊት ጩኸቷን በተመለከተም ወደ መጨረሻው አካባቢ ተጽፏል።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

ከማንቁርቷ ነው። እዚያ ያሉት የድምፅ አውታሮች በሴኮንድ ከ25 እስከ 30 ጊዜ ያህል እየገጠሙ ይከፈታሉ፤ የሚያልፈው አየርም በዚያው ልክ ይቆራረጣል። ይህ የሚሆነው አየር ስታስገባም ስታስወጣም ስለሆነ ድምፁ ሳይቋረጥ የሚቀጥል ይመስላል። በ2023 የቪየና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሕመም ከሞቱ 8 ድመቶች በተወሰደ ማንቁርት ውስጥ አየር ሲያሳልፉ፣ ከአንጎል ምንም ትእዛዝ ሳይመጣ ያው ወፍራም ድምፅ ወጣ። በድምፅ አውታሮቹ ውስጥ ትራስ የመሰለ ወፍራም ሥጋ እንዳለም አዩ፤ ትንሽ እንስሳ እንዲህ ዝቅ ያለ ድምፅ እንድታወጣ የሚያስችላት ይኸው እንደሆነ ይገምታሉ።

ለእርስዎ የሚጠቅመው ነጥብ ድመቷ ይህን ድምፅ ለማውጣት አፏን መክፈት የማያስፈልጋት መሆኑ ነው። ግልገሎች በተወለዱ በቀናት ውስጥ፣ ጡት እየጠቡ ሳሉ እንኳ ኹርር ይላሉ። በዚያ ዕድሜያቸው አያዩም፣ አይሰሙም፤ የእናታቸውን ንዝረት ግን በገላቸው ያውቁታል። ስለዚህ ድምፁ ከመነሻው «ደስ ብሎኛል» ከማለት ይልቅ «እዚህ ነኝ፣ አትራቂኝ» ለማለት ይቀርባል። የታመመች ድመት ለምን ኹርር እንደምትል ከዚህ አንጻር ሲያዩት ብዙም አያስገርምም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሴኮንድ የሚቆጥር ሰዓት ወይም ስልክ
- ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ (ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ድምፁን ልታቆም ስለምትችል)
- ደብተርና እስክሪብቶ
- የሰው መመዘኛ ሚዛን። መጀመሪያ ብቻዎን፣ ቀጥሎ ድመቷን ታቅፈው ይመዘኑና ልዩነቱን ይያዙ።
- አብዝታ የምትወደው ምግብ፣ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል መጠን

ደረጃ 1፦ ጤነኛ ሳለች ልማዷን ይመዝግቡ

ለ7 ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል። መቼ ኹርር እንደምትል፣ ማን ሲነካት፣ የት ተኝታ፣ ለስንት ደቂቃ እንደሆነ ይጻፉ። አንዳንዷ ድመት ጎረቤት እስኪሰማ ኹርር ትላለች፤ ሌላዋ እጅ አንገቷ ላይ ካላረፈ በቀር አትታወቅም። ለሁሉም ድመት የሚሠራ መለኪያ ስለሌለ የሚያነጻጽሩት ከራሷ ልማድ ጋር ብቻ ነው።

በዚሁ ሳምንት የእንቅልፍ ትንፋሿንም ይቁጠሩ። ድብን ያለ እንቅልፍ ወስዷት፣ ኹርር በማትልበት ሰዓት ደረቷን ይመልከቱ። አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ትንፋሽ ነው። 30 ሴኮንድ ቆጥረው በ2 ያባዙ። ጤነኛ ድመት ተኝታ በደቂቃ ከ15 እስከ 30 ጊዜ ትተነፍሳለች። ኹርር እያለች ከቆጠሩ ንዝረቱ ስለሚያሳስት ቁጥሩ አይታመንም። ሐኪሞችም ልብና ሳንባዋን ለማዳመጥ ሲቸገሩ የውኃ ቧንቧ ከፍተው ወይም አልኮል የነካ ጥጥ ወደ አፍንጫዋ ጠጋ አድርገው ድምፁን ያስቆሟታል።

ደረጃ 2፦ የሚሰሙት በእርግጥ ኹርርታ መሆኑን ያረጋግጡ

መዳፍዎን በቀስታ ከአገጯ ሥር፣ ጉሮሮዋ ላይ ያሳርፉ። ኹርርታ ከሆነ ንዝረቱ በትንፋሿ መግባትም መውጣትም ወቅት እኩል ይሰማዎታል፤ አፏ ዝግ ነው፣ ሆዷም ሳይጨነቅ ይንቀሳቀሳል።

ድምፁ በአንዱ አቅጣጫ ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ ማለትም ስታስገባ ብቻ ወይም ስታስወጣ ብቻ ሲር ወይም ኽር የሚል ከሆነ፣ ያ የአተነፋፈስ ችግር ነው። አስም ያለባት ድመት መሬት ላይ ዝቅ ብላ፣ አንገቷን ወደፊት ዘርግታ ስትስል ብዙ ሰው «ፀጉር አንቋት ነው» ብሎ ያልፈዋል። አፏን ከፍታ እንደ ውሻ የምታለከልክ ከሆነ ይህን መመሪያ ማንበቡን ትተው ወዲያውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። ድመት ያለ ከባድ ምክንያት በአፏ አትተነፍስም።

ደረጃ 3፦ ቦታውንና ሰዓቱን ይመልከቱ

ኹርር ከማለቷ በፊት የሆነው ምንድን ነው? ጭንዎ ላይ ወጥታ፣ በፊት እግሮቿ ልብስዎን እንደ ሊጥ እያሸች ከሆነ አንድ ነገር ነው። ማንም ሳይጠራት፣ ማንም ሳይነካት፣ አልጋ ሥር ተደብቃ ከሆነ ግን ሌላ ነው። የደስታ ኹርርታ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ወይም ሌላ የምታውቀው እንስሳ አጠገቧ ሲኖር ይመጣል። ብቻዋን ተሸሽጋ፣ ቀድሞ በማትተኛበት ስፍራ ሆና፣ ለምሳሌ ቀዝቃዛ የመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተኝታ ከሆነ ወደ ደረጃ 5 ይለፉ።

ደረጃ 4፦ የልመናውን ኹርርታ ይለዩ

ጠዋት በ11 ሰዓት ተኩል ፊትዎ ላይ ቆማ ኹርር የምትለው ድመት አብዛኛውን ጊዜ ምግብ ፈልጋ ነው። የእንግሊዙ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 ይህን ድምፅ ቀድተው ሲመረምሩት ከወፍራሙ ኹርርታ ውስጥ አንድ ቀጭን፣ ለቅሶ የመሰለ ድምፅ አገኙ። ድመት አሳድገው የማያውቁ ሰዎች እንኳ ሲሰሙት ከተራው ኹርርታ ይልቅ አጣዳፊና ደስ የማይል ብለውታል።

ለመለየት ድምፁን በስልክዎ ሁለት ጊዜ ይቅዱ፤ አንዱን ምግብ ከመስጠትዎ በፊት፣ ሌላውን ጠግባ ከተኛች በኋላ። አከታትለው ሲሰሟቸው ቀጭኑ ድምፅ በመጀመሪያው ውስጥ ይወጣል። ከድምፁ ጋር ጅራቷ ቀጥ ይላል፣ እግርዎን ትታከካለች፣ ወደ ሳህኗ እየመራች ትሄዳለች።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በመልሱ ነው። ድምፁን በሰሙ ቁጥር የሚያበሉ ከሆነ «ይህ ድምፅ ምግብ ያመጣል» ብላ ትማራለች፤ በሳምንት ውስጥ 11 ሰዓት ተኩል የነበረው 10 ሰዓት ይሆናል። የምግቡን ሰዓት ይወስኑ፣ ጸጥ ስትል ጠብቀው ይስጡ። በመካከል አንድ ቀን ተሸንፈው ከሰጡ ልማዱ ከመጀመሪያው ይልቅ ይጠነክራል፤ «አንዳንዴ ይሳካል» ብላ አጥብቃ ትለምናለችና።

ልመናው የእውነት ረሃብ መሆኑንም ያጣሩ። በጾም ወራት ቤቱ ሥጋና ወተት ሲያጣ የድመቷ ሳህን እንጀራ በሽሮ ብቻ የሚሆንባቸው ቤቶች አሉ። ድመት ሥጋ በል ናት፤ ሆዷ በእንጀራ ቢሞላም ገላዋ የሚፈልገውን አያገኝም፣ ልቅሶዋም አይቆምም። በጾም ጊዜም ለእርሷ ለብቻ የተቀቀለ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም የድመት ምግብ ይኑር። የወጥ ትርፍ አይስጧት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳሉ።

ደረጃ 5፦ ፊቷንና አቀማመጧን ያንብቡ

የሕመም ኹርርታ በጆሮ ከደስታው ላይለይ ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው ከፊቷ ነው። የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በ2019 ይፋ ያደረጉት የድመት ሕመም መለኪያ አምስት ቦታ ያያል፤ እርስዎም ከአንድ ሜትር ያህል ርቀት፣ ሳይነኳት ማየት ይችላሉ።

ጆሮዎቿ ወደፊት ቀጥ ብለው ከቆሙ ደኅና ነው፤ ወደ ጎን ተዘርግተው ከተራራቁ ምልክት ነው። ዓይኗ ክፍት ነው ወይስ በከፊል የተጨፈነ? ጉንጭና አፍንጫዋ ልል ክብ ነው ወይስ የተወጠረ? ጢሟ ልል ብሎ ወደ ታች ጎንበስ ብሏል ወይስ ቀጥ ብሎ ወደፊት ተገትሯል? ጭንቅላቷ ከትከሻዋ በላይ ነው ወይስ ዝቅ ብሏል? ለእያንዳንዱ ምልክቱ ከሌለ 0፣ ትንሽ ካለ ወይም እርግጠኛ ካልሆኑ 1፣ ጎልቶ ከታየ 2 ይስጡ። ድምሩ ከ10 ውስጥ 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም የሚያሻው ሕመም ሊኖር ይችላል።

ተኝታ፣ እየበላች፣ ራሷን እየላሰች ወይም ሚያው እያለች ሳለ አይቁጠሩ። ዓይን በእንቅልፍም ይጨፈናል፣ ጆሮም በጩኸት ወደ ኋላ ይሄዳል። አንድ ደቂቃ ያህል ነቅታ፣ ጸጥ ብላ ስትቆይ ይመልከቱ።

ደረጃ 6፦ ትንሿን ምግብ ያቅርቡ

የምትወደውን ምግብ አፍንጫዋ አጠገብ አኑረው ራቅ ይበሉ። የተደሰተች ድመት ተነሥታ ትበላለች፣ ወይም ቢያንስ አሽትታ ትመለከትዎታለች። የታመመች ድመት ፊቷን ታዞራለች፤ ኹርርታው ግን አይቋረጥም። ድምፅና ተግባር እንዲህ ሲለያዩ ተግባሩን ይመኑ። ሙሉ 24 ሰዓት ምንም ካልበላች የሌላ ምልክት መምጣት ሳይጠብቁ ሐኪም ያማክሩ። በተለይ ወፍራም ድመት ለጥቂት ቀናት ስትጾም ስብ ጉበቷ ላይ ይከማችና ለሕይወቷ ያሰጋል።

አንድ ሁኔታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

5 ዓመት የሆነው፣ የተኮላሸ ወንድ ድመት እንውሰድ። አፓርታማ ውስጥ ይኖራል፣ በአብዛኛው ደረቅ ምግብ ይበላል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ወደ መጸዳጃ አሸዋው በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ጊዜ ገብቶ ወጣ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተኝቶ ኹርር ማለት ጀመረ። ቤተሰቡ ሲዳብሰው ድምፁ ባሰ፤ «ደስ ብሎታል» ተባለ።

በደረጃዎቹ እንሂድበት። ንዝረቱ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚሰማ እውነተኛ ኹርርታ ነው። ቦታው ግን ልማዱ አይደለም። የምግብ ሰዓቱ ስላለፈና ወደ ሳህኑ ስላልሄደ ልመና አይደለም። ጆሮው ወደ ጎን ተከፍቷል (1)፣ ዓይኑ ሊጨፈን ምንም አልቀረውም (2)፣ ጢሙ ቀጥ ብሏል (1)፣ ጭንቅላቱ ከትከሻው ዝቅ ብሏል (2)፤ ድምሩ 6። የቀረበለትን ዓሣ አልነካም። በመጨረሻም አሸዋው ሲታይ እርጥብ የሆነ ጓል የለም፤ አራት ጊዜ ቁጢጥ ቢልም ሽንቱ አልወጣም።

ይህ ለጠዋት የሚተው ነገር አይደለም፤ አሁኑኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጠባብ ስለሆነ በደቃቅ ጠጠርና በዝልግልግ ነገር ይደፈናል። ፊኛው ሲሞላ መርዙ ወደ ደም ይመለሳል፣ የደሙ ፖታሲየም ከፍ ብሎ ልቡን ያዛባል፤ ካልተከፈተለት በአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሽንቱን ለማስወጣት ሆዱን መጫን ፊኛውን ሊያፈነዳ ስለሚችል ፈጽሞ አይሞክሩት። ብዙ ሰው «ሆድ ድርቀት ነው» ብሎ ዘይት ሲያጠጣ ሌሊቱ ያልፋል። ለዚህ ነው የአሸዋው ጉዳይ ከኹርርታው ቀድሞ መታየት ያለበት።

ሌሎቹ ድምፆች

*ሚያው።* አዋቂ ድመቶች እርስ በርሳቸው ብዙም ሚያው አይባባሉም፤ ድምፁን የሚጠቀሙት በዋናነት ለሰው ነው። አጭርና ወደ ላይ የሚያልቅ ሲሆን ሰላምታ ወይም ጥያቄ፣ ረዥምና ወደ ታች የሚወርድ ሲሆን ቅሬታ ይሆናል። በር ላይ የሚሰማው ሚያውና ሳህን ላይ የሚሰማው ሚያው ይለያያል፤ ባለቤቷ ይለምደዋል፣ እንግዳ ሰው ግን ሊስተው ይችላል።

*ጵርርው።* አፏን ሳትከፍት ምላሷን ያንከባለለች የሚመስል አጭር ድምፅ ነው። እናት ግልገሎቿን የምትጠራው በዚህ ነው፤ ለእርስዎ ስትለው «ተከተለኝ» ወይም «መጣሁ» ማለቷ ነው።

*ጥርስ ማንቀጫቀጭ።* መስኮት ላይ ሆና ወፍ ስታይ መንጋጋዋ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ እጅዎን አያስገቡ፤ ትኩረቷ አደን ላይ ስለሆነ ልትነክስ ትችላለች።

*ማጉረምረምና ፍስስ ማለት።* ፍስስታው «ራቅ በል» ነው፣ የሚመጣውም ከፍርሃት ነው። በዚህ መቅጣት ማስጠንቀቂያውን ያጠፋና በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ እንድትነክስ ያደርጋታል። ወደ ኋላ ይመለሱ፣ መውጫ ይተዉላት፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አይቅረቧት። ኹርር ከማለት ወደ ማጉረምረም የሄደችው አንድ ቦታ ሲነኳት ከሆነ ያንን ቦታ ይመዝግቡ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

*የሌሊት ረዥም ጩኸት።* ያልተኮላሸች ሴት ድመት ከሆነች፣ ወገቧን ወደ ላይ አንሥታ ወለል ላይ የምትንከባለል ከሆነ ወንድ መፈለጓ ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ካላረገዘች በ2 ወይም 3 ሳምንት ይመለሳል። በቀዝቃዛ አገሮች ቀኑ ሲያጥር ያቆማል፤ በእኛ አገር የቀኑ ርዝመት ብዙ ስለማይለዋወጥ ዓመቱን ሙሉ ሊመላለስ ይችላል። ማስኮላሸት ያስቆመዋል። ከ10 ዓመት በላይ የሆናት ድመት ድንገት ሌሊት መጮኽ ከጀመረች ግን የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ መሥራት፣ የደም ግፊት፣ የጆሮ መድከም ወይም የእርጅና ግራ መጋባት ሊሆን ስለሚችል ደሟና ግፊቷ ይታይ። እየበላች የምትከሳ ከሆነ ሚዛኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ማስጠንቀቂያ

- ለሕመሟ ፓራሲታሞል አይስጧት። የድመት ጉበት ሊያስወግደው ስለማይችል አንድ ክኒን እንኳ ሊገድላት ይችላል። ሌላም የሰው ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይስጡ።
- ድምፅዋ ድንገት የተለወጠ፣ ምራቋን የምታዝረከርክ፣ ያለ ምክንያት የምትናከስ ወይም የምትንገዳገድ ድመት በእብድ ውሻ በሽታ ተይዛ ሊሆን ይችላል። ከነከሰችዎት ወይም ከቧጨረችዎት ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠቡና በዚያኑ ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ።

የተለመዱ ስሕተቶች

«ኹርርታው ራሱ ያድናታል» ብሎ መጠበቅ። ንዝረቱ አጥንትና ቁስል ይጠግናል የሚለው ወሬ በሰፊው ይነገራል፤ በድመቶች ላይ ተፈትኖ የተረጋገጠ ግን አይደለም፣ ሕክምናን ለማዘግየትም ምክንያት አይሆንም።

ድምፁ ስለተቋረጠ «ተቀይማኛለች» ማለት። ብዙ ድመቶች እንቅልፍ ሲወስዳቸው ዝም ይላሉ። ጨርሶ ኹርር የማትል ጤነኛ ድመትም አለች።

ኹርር እያለች ጅራቷ መሬት መምታት ሲጀምር መዳበሱን አለማቆም። ጅራቱ ከድምፁ ቀድሞ «በቃኝ» ይላል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጥፍር ነው።

ቪዲዮ ሳይቀርጹ ሐኪም ዘንድ መሄድ። ሳጥን ውስጥ ገብታ፣ የውሻ ድምፅ ሰምታ የደረሰች ድመት ቤት ያሳየችውን አታሳይም። ከመውጣትዎ በፊት 30 ሴኮንድ ፊቷን፣ 30 ሴኮንድ ከጎን ትንፋሿን ይቅረጹ፤ ከደብተሩ ላይም የመጨረሻዋን የበላችበትንና የሸናችበትን ሰዓት ይዘው ይሂዱ።